የኮል ሴንተር ቃለ መጠይቅ ልምምድ፦ የተናደደው ደንበኛ እና 46,500 ብር

ይህ ለሁለት ሰው የተጻፈ ልምምድ ነው። አንዳችሁ ደንበኛ፣ አንዳችሁ ተፈታኝ ሁኑና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በዓይን ብቻ ካነበባችሁት ብዙም አይጠቅማችሁም፤ ቁጣ ወረቀት ላይ ሲታይና ጆሮ ላይ ሲያርፍ ለየቅል ነው። ደንበኛ የምትሆኑት ሰዎች ደግሞ አትራሩ፣ ከልባችሁ ጩኹ።

ቦታው ሰንጋ ተራ ነው፣ የአንድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ትንሽ የስብሰባ ክፍል። ፈታኞቹ ሁለት ናቸው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ወንዱ አቶ ግርማ የሚባል ደንበኛ ሆኖ ይጫወታል። ስልክ ላይ ፊት ስለማይታይ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ተፈታኟ ሰላም ትባላለች። ፊቷ ያለው ወረቀት ኮምፒውተሩ ላይ የምታየውን ይነግራታል፦

«ዛሬ ጠዋት 3:20 በሞባይል መተግበሪያ ወደ ሌላ ባንክ 46,500 ብር ተልኳል። ከላኪው ሂሳብ ተቀንሷል። ከተቀባዩ ባንክ ማረጋገጫ አልመጣም። ሁኔታ፦ በሂደት ላይ። ደንበኛው ዛሬ ሁለት ጊዜ ደውሏል። የተመዘገበ ቅሬታ የለም።»

የመጨረሻዋን መስመር ልብ በሉ። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ደውሎ ማንም አልመዘገበለትም። ቁጣው ከብሩ እኩል ከዚህ የመጣ ነው።

ፈታኙ ደግሞ እሷ የማታየው ወረቀት ይዟል፦ «ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለህ። ያዘዝከው ዕቃ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሱቅህ በር ላይ ቆሟል። ሻጩ ብሩ ካልገባልኝ አላራግፍም ብሏል። ካልጠየቀችህ ይህን አትንገራት። መሃል ላይ የሚስጥር ቁጥርህን ልትነግራት ሞክር። በአሥር ደቂቃ እንዲያልቅልህ ቃል አስገባት።»

ሰዓቱ 5 ሰዓት ሊሆን ነው እንበል። ስልኩ ጠራ።

ሰላም፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ሰላም እባላለሁ። ምን ልታዘዝ?

አቶ ግርማ፦ ምን ትታዘዢኛለሽ! ብሬን መልሱልኝ! ከጠዋት ጀምሮ እየደወልኩ ነው። አንዷ ትንሽ ይጠብቁ ትላለች፣ አንዱ ቅርንጫፍ ይሂዱ ይላል፣ ቅርንጫፍ ስሄድ ደግሞ ኮል ሴንተር ይደውሉ! በሰው ትቀልዳላችሁ እንዴ? አርባ ስድስት ሺህ ብር ነው እኮ! ደግሞ ያንን ሙዚቃችሁን ከፍታችሁ ታስጠብቁኛላችሁ!

(ሰላም አታቋርጠውም። «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ብላም አታጣድፈውም። እስኪጨርስ ትጠብቃለች፣ እየጻፈች። ሁለት ጊዜ ደወለ፣ ቅርንጫፍ ሄደ፣ 46 ሺህ። ሲያበቃ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ትላለች።)

አቶ ግርማ፦ ሃሎ? ዘጋሽብኝ?

ሰላም፦ አልዘጋሁም፣ እየሰማሁዎት ነው። ሁለት ጊዜ ደውለዋል፣ ቅርንጫፍም ሄደዋል፣ ሁሉም ወደ ሌላ ሰው ነው የመራዎት። በዚህ ላይ ብርዎ የት እንደደረሰ አያውቁም። ቢናደዱ እውነትዎን ነው። እኔ ወደ ሌላ ሰው አልልክዎትም፣ ከእኔ ጋር እንጨርሰዋለን።

(«ይረጋጉ» አላለችም። ይህን ቃል ከአፋችሁ አውጡት። የተናደደ ሰው ይረጋጉ ሲሉት የባሰ ነው የሚግለው። «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለውንም አልሸመደደችለትም። የነገራትን ራሱን መልሳ ነገረችው፤ መስማቷን የሚያውቀው በዚያ ነው።)

አቶ ግርማ፦ እስቲ እናያለን። የፊተኞቹም እንዲሁ ነው ያሉት።

ሰላም፦ ልክ ነው፣ በሥራ ነው የሚታየው። ሂሳብዎን እንድከፍት ሙሉ ስምዎንና የሂሳብ ቁጥርዎን የመጨረሻ አራት አሃዞች ይንገሩኝ።

አቶ ግርማ፦ ለሦስተኛ ጊዜ! ቆይ እናንተ አትጻጻፉም እንዴ?

ሰላም፦ መድገሙ እንደሚያሰለች ይገባኛል። የምጠይቅዎት ስለ ገንዘብዎ ከባለቤቱ ሌላ ለማንም እንዳልናገር ነው።

አቶ ግርማ፦ (ስሙንና አራቱን አሃዞች ይናገራል) በቃ የሚስጥር ቁጥሬንም ልንገርሽና ራስሽ ገብተሽ እዪው፣ ዜሮ ሰባት...

ሰላም፦ አቶ ግርማ፣ እዚህ ላይ ላቁምዎት! ይቅርታ፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ለእኔም አይንገሩኝ። የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ለሚደውልልዎትም አይንገሩ። እኔ አያስፈልገኝም፣ ያለሱ ይታየኛል። ጉዳዩን ስንጨርስ ደግሞ ቁጥሩን ይቀይሩት፣ አጠገብዎ ሰው ሊኖር ይችላል።

(በጠቅላላው ንግግር ውስጥ ደንበኛውን ያቋረጠችው እዚህ ብቻ ነው። ፈታኞቹ ይህችን ቦታ አድፍጠው ይጠብቋታል። ብዙ ትሑት ተፈታኝ እዚህ ጋ ይወድቃል፤ ላለማቋረጥ ብሎ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ይሰማል።)

ሰላም፦ አሁን ከፊቴ ነው። ዛሬ 3:20 ላይ 46,500 ብር ወደ ሌላ ባንክ ልከዋል። ይሄ ነው?

አቶ ግርማ፦ ይኸው ነው! ከእኔ ተቆርጧል፣ ለሰውዬው አልገባም። የት በላችሁት?

ሰላም፦ የማየውን ልንገርዎት። ብሩ ከሂሳብዎ ወጥቷል። የሰውዬው ባንክ ግን ተቀብያለሁ የሚል መልስ አልላከም፣ ስለዚህ መሃል ላይ ቆሟል። ከዚህ በኋላ ወይ ለሰውዬው ይገባል፣ ወይ ወደ እርስዎ ይመለሳል። ከሁለት አንዱ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ደግመው ልከዋል?

አቶ ግርማ፦ ልልክ ነው እንጂ! ምን አማራጭ አለኝ?

ሰላም፦ እባክዎን አሁን አይላኩ። የመጀመሪያው ዘግይቶ ከገባ ሁለት ጊዜ ከፈሉ ማለት ነው። ከገባለት በኋላ ደግሞ ያለ ሰውዬው ፈቃድ ማስመለስ ከባድ ነው።

አቶ ግርማ፦ (ድምፁ ዝቅ ይላል) እሱንስ አላሰብኩትም።

ሰላም፦ ብሩ ለምን ጉዳይ ነበር? ዛሬ ካልሆነ የሚበላሽ ነገር አለ?

(ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ተፈታኝ ጥቂት ነው። ስለ ብሩ ሁሉም ይጠይቃል። ብሩ ባለመድረሱ ሰውዬው ላይ ምን እየደረሰ እንደሆነ ግን አይጠይቁም፤ የቁጣው ሥር ያለው እዚያ ነው።)

አቶ ግርማ፦ አለ እንጂ! ዕቃዬ አይሱዙ ላይ ተጭኖ በሬ ላይ ቆሟል። ሰውዬው ብር ካላየሁ አላራግፍም አለኝ። ሹፌሩ ይነዘንዘኛል፣ ትራፊክ መጥቶ አንሱ ይላል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ሃያ ዓመት በሠራሁበት ሰፈር እንደ ሌባ!

ሰላም፦ ይሄ ከብሩም ይከብዳል። በስም ነው የሚሠራው፣ በጎረቤት ፊት ሲሆን ደግሞ ያማል። እንግዲህ ሁለት ነገር እናድርግ፣ አንዱ ለብሩ፣ አንዱ ለመኪናው።

አቶ ግርማ፦ እሺ፣ ቀጥዪ።

ሰላም፦ ለብሩ፣ አሁኑኑ ቅሬታ እመዘግብልዎታለሁ። ቁጥሩ 7319 ነው፣ ይጻፉት። ዝውውር ወደሚከታተለው ክፍል አስቸኳይ ብዬ እልከዋለሁ፣ እነሱ የሰውዬውን ባንክ ይጠይቃሉ። ለመኪናው ደግሞ፣ መተግበሪያው ላይ ደረሰኙ አለ፣ የሪፈረንስ ቁጥሩ ተጽፎበታል። ለሻጩ ይላኩለትና እሱም በዚያ ቁጥር የራሱን ባንክ ይጠይቅ። ግን ልንገርዎት፣ ደረሰኙ ብሩ ከእርስዎ መውጣቱን እንጂ ለእሱ መግባቱን አያሳይም። ላያምንዎት ይችላል።

አቶ ግርማ፦ አያምንም! በሐሰት ስክሪንሾት ስንቱ ነጋዴ ተበልቷል።

ሰላም፦ እሱም እውነቱን ነው። ታዲያ ከፊሉን በእጅ ቀብድ ቢይዝ ያራግፍልዎታል? የቀረው ብሩ ሲገባ ይታሰባል። ሰውዬውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ ውሳኔው የእርስዎ ነው።

አቶ ግርማ፦ ...ሊል ይችላል። የቆየ ደንበኛዬ ነው። ግን አንቺ፣ በአሥር ደቂቃ ይገባል በይኝ።

ሰላም፦ በአሥር ደቂቃ ብልዎት እዋሻለሁ። የሌላውን ባንክ መልስ እኔ ማዘዝ አልችልም። የምችለውን ልንገርዎት፦ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ራሴ እደውልልዎታለሁ። መልስ ከመጣ መልሱን ይዤ፣ ካልመጣም የት እንደደረሰ ልነግርዎት። በዚህ ስልክ ላግኝዎት?

አቶ ግርማ፦ በዚሁ። ባትደውዪስ?

ሰላም፦ ቢደውሉ 7319 ይበሉ፤ ማንም ያንሳው ማን ሁሉንም ነገር ተጽፎ ያገኘዋል፣ እንደገና አያስረዱም። የጠዋቱ ባለመመዝገቡም ይቅርታ፣ እሱ የእኛ ጥፋት ነው።

አቶ ግርማ፦ እሺ ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ ይቺን ነበር የምፈልገው። ጮህኩብሽ መሰለኝ።

ሰላም፦ ችግር የለውም አቶ ግርማ። በሉ ሹፌሩ አይጠብቅ፣ 6 ተኩል ላይ እደውላለሁ።

(«ልጄ» ያላት እሷ ስለለመነችው አይደለም፤ ሰዓትና ቁጥር በእጁ ስለገባ ነው። በእኔ እምነት ይቅርታ ብቻውን ባዶ እጅ ነው፣ ማን፣ ምን፣ መቼ ከሌለው።)

ፈታኟ አሁን አንድ ወረቀት ታቀብላታለች፦ «ማስታወሻውን ጻፊ፣ ሁለት ደቂቃ አለሽ።» ሰላም ይህን ትጽፋለች፦

«ቅሬታ 7319፣ አስቸኳይ። 46,500 ብር፣ 3:20፣ ወደ ሌላ ባንክ። ከላኪ ተቀንሷል፣ ከተቀባይ ባንክ ማረጋገጫ የለም። ደንበኛው ዛሬ 2 ጊዜ ደውሎ 1 ጊዜ ቅርንጫፍ ሄዷል፣ አልተመዘገበለትም። ዕቃ የጫነ መኪና እያስጠበቀ ነው። ደግሞ እንዳይልክ ተነግሮታል። የሚስጥር ቁጥሩን መናገር ጀምሮ አስቁሜዋለሁ፣ እንዲቀይር ተነግሮታል። 6:30 መልሶ መደወል፦ ሰላም።»

«ቁጡ» ወይም «አስቸጋሪ ደንበኛ» የሚል ቃል የለበትም። ቀጥሎ የሚያነሳው ሠራተኛ ሰውዬውን ሳያናግረው እንዳይፈርድበት ነው።

ከዚያ ሁለቱም ፈታኞች ወደ እሷ ዞረው ይጠይቃሉ።

ፈታኝ፦ ሲሰድብሽ ምን ተሰማሽ?

ሰላም፦ ደነገጥኩ፣ እጄም ትንሽ ተንቀጠቀጠ። እየጻፍኩ መስማቴ ረዳኝ፣ ስድቡን ትቼ ቁጥሩን ያዝኩ።

ፈታኝ፦ ሱፐርቫይዘር አገናኚኝ ቢልሽስ?

ሰላም፦ አገናኘዋለሁ፣ መብቱ ነው። ግን መጀመሪያ ቅሬታውን እመዘግብና ለሱፐርቫይዘሩ በአጭሩ እነግራለሁ፤ ለአራተኛ ጊዜ ከሀ እንዳይጀምር።

ፈታኟ፦ 6 ሰዓት ተኩል ደረሰ፣ መልስ አልመጣም፣ ወረፋው ደግሞ ሞልቷል። ሌላ 30 ሰው መስመር ላይ ነው።

ሰላም፦ እደውላለሁ። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። «እስካሁን መልስ የለም፣ ክፍሉን አሁን ጠይቄያለሁ፣ 9 ሰዓት ላይ እንደገና እደውላለሁ» እለዋለሁ። ፈረቃዬ ከዚያ በፊት ካለቀ ደግሞ የሚደውልለትን ሰው ስም እነግረዋለሁ።

ፈታኟ፦ ጥሩ። የሚቀጥለውን ልጅ ጥሪልን፤ ውጤቱን በስልክ እንነግርሻለን።