የፖሊሲ ማጠቃለያ፦ በአዲስ አበባው ባንተይቀጡ ወንዝ ዳር የቀረው ረግረግ ዋጋ

ረግረጉ ለግንባታ ከመሰጠቱ በፊት የሚሰጠው አገልግሎት በብር ይሰላ። ጎርፍ መቀነሱን የገመትነው በሚያስቀረው ጉዳት ነው፤ ይኸውም ረግረጉ ባይኖር በክረምት ውሃ የሚገባባቸው ቤቶችና ሱቆች የሚደርስባቸው ኪሳራ ነው። ውሃ ማጣራቱን በመተኪያ ወጪ ለካን፤ ይኸውም ያንኑ ሥራ የሚተካ የማጣሪያ ጣቢያ ለመገንባት የሚጠይቀው ወጪ ነው። ይህ ዘዴ ግን የጣቢያውን መገንቢያ ወጪ እንጂ ጥቅሙን ራሱን አይለካም፤ ከተማዋ ጣቢያውን ጨርሶ የማትገነባው ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ የተጋነነ ይሆናል። ነዋሪውን «ለጥበቃው ስንት ይከፍላሉ?» ብሎ መጠየቁን ሆን ብለን ተውነው፤ መልሱ ከፍላጎት ይልቅ የኪስን አቅም ስለሚያሳይ፣ በወንዙ ዳር ጎመን አልምቶ የሚያድረው ሰው በስሌቱ ውስጥ ይጠፋል። የወፎቹና የመንፈስ እረፍቱ ዋጋ አልተካተተም። ስለዚህ ለካቢኔው አንድ ቁጥር ሳይሆን ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ከነመነሻ ሐሳቦቻቸው ይቅረቡ።