እንኳን ተወለድሽ (ከወረቀት ነው የማነበው)

አንዴ ጸጥ በሉልኝ።

አመሰግናለሁ። ይቺን "ጸጥ በሉልኝ" ብቻ መስታወት ፊት ቆሜ ሃያ ጊዜ ያህል ብያታለሁ። "ጸ" እና "ጥ" ጎን ለጎን! እንዲህ ዓይነት ቃል የሰራ ሰው ዝም ማሰኘት ሳይሆን ማነቅ ነው የፈለገው። እባካችሁ መሃል ላይ አታጨብጭቡ፤ ካጨበጨባችሁ የት መስመር ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል፤ ከጠፋኝ ደግሞ እንደገና ከ"ጸጥ በሉልኝ" ልጀምር ነው።

አማርኛ መማር ከጀመርኩ አራተኛ ወሬ ነው። "ወሬ" ሁለት ትርጉም አለው ብለውኛል። ሁለቱንም ማለቴ ነው፤ ከመጽሐፍ የተማርኩት ትንሽ ነው፣ የቀረው በሙሉ ከዚች ከፊታችሁ ከተቀመጠችው ሴትዮ ወሬ የተለቀመ ነው። ደግሞ እንዳትሳሳቱ፣ ወረቀት ላይ ነው ጀግና የሆንኩት። ቁጭ ብላችሁ ብታዋሩኝ "ደህና ነኝ"፣ "ትንሽ ትንሽ" እና "እሺ" ብዬ አበቃለሁ። ይህን ጽሑፍ አስተማሪዬ አርማልኛለች። የመጀመሪያውን ስትመልስልኝ ከቀዩ እስክሪብቶ ብዛት ወረቀቱ የቆሰለ ነበር የሚመስለው። አንዳንዱን ስህተት ግን አልቀይርም ብዬ ተከራክሬያታለሁ። የኔ ነው፣ ለፍቼበታለሁ።

አንድ ይቅርታ ልጠይቅ። የባለልደቷን ስም አልጠራም። ስሟ መሃል ላይ አንድ ፊደል አለች፤ እናንተ ሳታስቡት ነው የምትሏት፤ እኔ ግን ስሟን በጠራሁ ቁጥር እሷ ሳትሆን ሌላ ሰው ነው ዞሮ የሚያየኝ። ስለዚህ ዛሬ ወዳጄ እላታለሁ።

ወዳጄ።

አንቺ ብዬሻለሁ፤ ልብ በይ። የኔ መማሪያ መጽሐፍ ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው ገጽ ለወንድ የተጻፈ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንዳለ በ"አንተ" ነው ያሳለፍናቸው። "ዛሬ በጣም ቆንጆ ነህ" ስልሽ፣ ፊትሽ ላይ ምንም ሳይታይ "አመሰግናለሁ ወንድሜ" አልሽኝ። አላረምሽኝም! ሁለት ሳምንት ሙሉ! በኋላ ሲገባኝ ደንግጬ "አንቺ"ን ያዝኩና፣ እናትሽ ስልክ ላይ ሲመጡ "አንቺ እንዴት ነሽ?" አልኳቸው። እማማ፣ እዚህ ስላሉ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። "ደህና ነኝ ልጄ" ነበር ያሉኝ። እርስዎ የሚባል ነገር መኖሩን የተማርኩት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ ወዳጄ መሬት ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ስትስቅ ነው።

አሁን እግሬ ወደተሰበረበት ጊዜ ልሂድ፤ ሁሉም ነገር የጀመረው እዚያ ስለሆነ።

እኔና እሷ ሁለት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰርተናል። ጥሩ ባልደረባዎች ነበርን፣ እስክሪብቶ የምንዋዋስ ዓይነት። ከዚያ እግሬ ተሰበረ። አምስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ሆኜ ቤት ዋልኩ። ሌላው ሰው መልካም መልእክት ላከ፤ በቂ ነው፤ ሰው ስራ አለው። እሷ ግን የመጀመሪያው ቀን ማታ በሩን አንኳኳች። በነጋታውም። ከነጋታው በነጋታውም። በአራተኛው ቀን ወሬ አለቀብን መሰለኝ ከቦርሳዋ ማርከር አወጣችና ጀሶዬ ላይ መጻፍ ጀመረች። ቁርጭምጭሚቴ ዙሪያ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ከሱ በላይ ለ ሉ ሊ። "አንብብ" አለችኝ። ፊደሉ ሰላሳ ሦስት ቤት በሰባት፣ ሁለት መቶ ሰላሳ አንድ ነው ስትለኝ፣ እግሬ አጭር ስለሆነ ደስ አለኝ። ጉልበቴ ጋ ስንደርስ ያበቃል ብዬ ነዋ።

ጀሶው ሲወልቅ መጋዙ "ቤ" እና "ብ" መሃል ነበር ያለፈው። አንዱን ግማሽ አልጣልኩትም። ቤቴ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ትንሽ ይሸታል፤ ማንም ሰው እንዲነካው አልፈቅድም።

በዚያ ጊዜ ነው ወንድሟ የደወለው። ወንድሟ ዛሬ እዚህ አለ፣ ሲስቅ ታዩታላችሁ። "እህቴ እንዴት ናት?" አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ በአዲሱ አማርኛዬ፣ "በጣም ጥሩ ሰው ናት፣ ማታ ማታ ትመታለች" አልኩት። ዝም አለ። "ማንን?" አለኝ። "እኔን ነዋ!" አልኩት። "ተኝቼ ሳለሁ ትመታለች፣ እሁድም ትመታለች፣ ሌላ ሰው አይመታም፣ እሷ ብቻ።" እሱ ለረጅም ጊዜ ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ "እሷን አገናኘኝ" አለኝ። እስከ ዛሬ "ጠ" እና "ተ"ን የምለማመደው በዚች ዓረፍተ ነገር ነው። መጣች። መታች። መጣች። አሁን የቱን እንዳልኩ ፈራጆቹ እናንተ ናችሁ።

"መጣ" በጣም ያስቸገረኝ ግስ ነው፤ ድምጹ ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ አንቺ "መጣሁ" ስትይ አትመጪም። ስልክ ላይ "መጣሁ፣ መጣሁ" ትያለሽ፤ ሰዋስው መጽሐፌ ይህ ያለፈ ጊዜ ነው ይላል፤ እኔም አምኜ ተነስቼ በሩን እከፍታለሁ፤ ሰው የለም። አርባ ደቂቃ የለም። ከኋላ ሻወር ሲፈስ ይሰማል። ያለፈ ጊዜ አይደለም፣ ተስፋ ነው። ሁለተኛ፣ ሌላው ግስ ሁሉ ትዕዛዙ ከራሱ ይወጣል፦ በላ፣ ብላ፤ ጠጣ፣ ጠጣ። ስለዚህ መጣ፣ ምጣ ይሆናል ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ በቀይ ሰረዘችና ከላዩ ላይ አንድ ፊደል ብቻ አኖረች። "ና።" ከየት መጣ? ምን አገናኘው? "እንዲሁ ነው" አለችኝ። አስተማሪ "እንዲሁ ነው" ሲል ጠያቂው ቢተወው ይሻላል።

ግን "ና"ን አውቃት ነበር። ጀሶው የወለቀ ቀን ረጅም መልእክት ጽፌልሽ ነበር። እግሬ ቀጥኗል፣ ደክሞኛል፣ ደስ ማለት ሲገባኝ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ምናልባት በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ፣ እያልኩ። የመለስሽልኝ አንድ ፊደል ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ግን ትርጉሙ ገባኝ፤ ክራንቼን ይዤ ተነሳሁ። ያንቺ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ እንዴት ልወጣ እንደሆነ መንገድ ላይ ሳሰላ ነበር። ስደርስ ታችኛው ደረጃ ላይ ተቀምጠሽ አገኘሁሽ። እንደማልወጣው አውቀሽ ወርደሻል። እዚያው ደረጃው ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን፣ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እግራችንን እየተሻገረ። ምን እንዳወራን ረሳሁት። መብራቱ በየሦስት ደቂቃው ሲጠፋ እጅሽን ብድግ አድርገሽ ስታውለበልቢለት ግን ትዝ ይለኛል።

ባለፈው ወር ደግሞ ሦስት ሳምንት ሄድሽ። ያኔ ሌላ ቃል ተማርኩ። በኔ ቋንቋ ናፍቆት የኔ ስራ ነው፤ የምናፍቀው እኔ ነኝ። በናንተ "ናፈቅሽኝ" ነው። አድራጊዋ አንቺ ነሽ፣ እኔ ተደራጊ ነኝ። ደስ አለኝ። ጥፋቱ ያንቺ ነው ማለት ነዋ።

አሁን አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ላነብ ነው። ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቋንቋው የናንተ ነው፣ እኔን እንዳትቆጡ፣ ብቻ ታገሱኝ።

ዝናብ ሲዘንብ፣ አውቶቡስ ሲቀር፣ ራስሽ ጉንፋን ይዞሽ በመሃረብ አፍንጫሽን እየያዝሽ፣ ስራ ላይ ተጨቃጭቀን በተኮራረፍንበት በዚያ ሐሙስ እንኳን ሳይቀር፣ "አትምጪ፣ ምንም አልፈልግም" ብዬ በጻፍኩልሽ ማታ፣ በአንድ እጅሽ ማርከር በሌላው ጃንጥላ ይዘሽ፣ አርባ ደቂቃ ዘግይተሽ፣ መጣሽ።

(እዚህ ጋ "ውሃ ጠጣ" ተብሎ ተጽፏል። ይህን ማንበብ አልነበረብኝም።)

ዛሬ ሰላሳ ዓመት ሞላሽ። እኔ መጀመሪያ "ሰላሳ ዓመት ሆንሽ" ብዬ ነበር፤ "ሞላሽ" በል ተባልኩ። ዕድሜ እንደ ብርጭቆ ይሞላል ማለት ነው፤ ወድጄዋለሁ፤ ያንቺ ደግሞ አሁን ያለበት ከግማሽ በታች እንዲሆን እመኛለሁ። ጤና ይስጥሽ። ሳቅሽ አይቀንስ። ሰዓት አክባሪ እንድትሆኚ አልመኝልሽም፤ ሌላ ሰው እንዳትሆኚብኝ።

የመጨረሻ ነገር። "እንኳን" የሚለው ቃል ለብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር። አንድ ቦታ "መናገር እንኳን አይችልም" ይላል፣ እሱ እኔ ነኝ። ሌላ ቦታ "እንኳን ደህና መጣህ"። አንድ ቃል እንዴት ሁለቱንም ይሆናል? አሁንም ማስረዳት አልችልም፤ መጠቀም ግን እችላለሁ። መናገር እንኳን የማይችል ሰው ነው የቆመው፤ እንኳን ተወለድሽ ሊልሽ ነው የቆመው። እንኳን ተወለድሽ፣ እንኳን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡሽ፣ እንኳን እግሬ ተሰበረ።

ብርጭቆ አንሱ። ወረቀቱን እዚህ ጋ አስቀምጣለሁ። ስሟን መጥራት ስለማልችል፣ ሦስት ስል ሁላችሁም ባንድ ላይ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ያቺን ፊደል ጠበቅ አድርጋችሁ ትጠሩልኛላችሁ። እኔም ከናንተ ጋር እላለሁ፤ በጩኸቱ ውስጥ ማን ይሰማኛል።

አንድ። ሁለት።