ካብና ችግኝ፦ ለ15 ደቂቃ ገለጻ የተዘጋጀ የስላይድ አቀማመጥ

ገለጻው በባሕር ዳር ለሚሰበሰቡ የደን ባለሙያዎች የሚቀርብ ሲሆን፣ በደቡብ ጎንደር የሚገኙ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ተተኪ ዛፍ የሚያገኙት ችግኛቸው በድንጋይ ካብ ከከብት ሲጠበቅ መሆኑን ያሳያል። ስላይዶቹ በሙሉ 16 በ9 ናቸው፤ ፎቶው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይሞላል። ጽሑፍ በሚኖርበት ጊዜ ከታች በግራ በኩል በ44 መጠን ይሰፍራል። የፊደሎቻችን ቀጫጭን ጭረቶች በቅጠል ምስል ላይ ስለሚጠፉ፣ ደማቅ ነጭ ፊደል በጥቁር መደብ ላይ ይሁን።

ስላይድ 1
በበጋ የተነሣ የሳተላይት ምስል፦ በታረሰ ቡናማ መሬት መካከል አንድ አረንጓዴ ክብ፣ በእምብርቱም የሚያበራ የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል። ጽሑፍ የለውም።

ስላይድ 2
ይኸው ምስል ሰፍቶ ሌሎቹ ደኖች ተበታትነው ይታያሉ። ጽሑፍ፦ «ደቡብ ጎንደር»።

ስላይድ 3
በጥቁር መደብ መሐል «168» የሚለው ቁጥር ብቻ ይቀመጣል። ዓለማየሁ ዋሴ በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባደረገው ጥናት ይህን ያህል የእንጨታማ ዕፅዋት ዝርያ መመዝገቡን በቃል እናገራለሁ።

ስላይድ 4
የገለጻው ዋና ስላይድ ይህ ነው። ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን እኩል ስፋት ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም በጉልበት ከፍታና በተመሳሳይ ሰዓት የተነሡ ስለሆኑ ተመልካቹ ልዩነቱን በብርሃን ሊያሳብብ አይችልም። በግራው የረገፈ ቅጠል መሬቱን ሸፍኖታል፤ ከሥሩም የወይራና የጽድ ችግኞች ብቅ ብቅ ብለዋል። በቀኙ ግን ሰኮና የደቆሰው ደረቅ አፈርና ያረጁ ግንዶች ብቻ አሉ፤ ከላይ ቢታይ ይህም ደን አረንጓዴ ነው፣ ነገር ግን ተተኪ የለውም። ጽሑፍ፦ «ካብ ያለው» እና «ካብ የሌለው»። እዚህ ላይ ለ10 ሰከንድ ዝም እላለሁ፤ ቀስትም ሆነ ክብ ምልክት እንዳይጨመርበት አደራ።

ስላይድ 5
ጫፉ በከብት የተቀነጠሰ አንድ የወይራ ችግኝ ማያውን ሞልቶ ይታያል። ጽሑፍ የለውም።

ስላይድ 6
አንድ ገበሬ ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ካቡ ላይ ሲያስቀምጥ የሚያሳይ ፎቶ ነው፤ ፊቱ ሳይሆን እጁና ድንጋዩ ጎልተው ይታዩ። ጽሑፍ፦ «ማሳውም ይጸዳል»። የአካባቢው ሰው በጉልበቱ የሚተባበረው ሥራው ለእርሻውም ስለሚጠቅም ጭምር መሆኑን በዚህ ስላይድ አስረዳለሁ።

ስላይድ 7
ከካቡ ውስጥ የተተከለ የባሕር ዛፍ ረድፍ። ጽሑፍ፦ «ካብ የማይከለክለው»።

ስላይድ 8
ለቀብርና ለንግሥ የሚመጣው ሕዝብ የሚገባበት፣ መዝጊያ የሌለው የካቡ በር ከነከብት ዱካው ይታያል። ጽሑፍ፦ «በሩን ማን ይዝጋ?»። የምስጋና ስላይድ አይኖርም፤ ጥያቄና መልሱ እስኪያበቃ ድረስ ይኸው ስላይድ ማያው ላይ ይቆያል።