ጉዳዩ፦ አሁን ያሉኝን የቅርብ ኃላፊ ከማነጋገራችሁ በፊት እንድትጠብቁኝ ስለመጠየቅ

ውድ ወይዘሮ ሂሩት፣

ትናንት የላኩልኝ ደብዳቤና ሁለቱ ቅጾች ደርሰውኛል። ለግዢና አቅርቦት ክፍል ኃላፊነት በተደረገው ውድድር የማጣራት ደረጃ ላይ መድረሴ አስደስቶኛል። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ስለ መጋዘን ክምችት ያደረግነው ክርክርም እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ እንኳ «ይህንን ብመልስ ኖሮ» እያልኩ ስከራከር አምሽቻለሁ። ቅጾቹን ሞልቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እጄ ቆሟል።

የመጀመሪያው ቅጽ ሦስተኛ ገጽ «አሁን የሚሠሩበትን ድርጅት ማነጋገር እንችላለን?» ብሎ ይጠይቃል። ለመልስ የቀረቡት ሁለት ሣጥኖች ናቸው፤ «ይቻላል» እና «አይቻልም»። የእኔ መልስ «ይቻላል፣ ግን ዛሬ አይደለም» ነው፤ ለዚህ የተዘጋጀ ሣጥን የለም። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ፣ ከጎኑ «የተያያዘውን ደብዳቤ ይመልከቱ» ብዬ ጽፌአለሁ።

የምጠይቀው ይህንን ነው። የቅጥር ውሳኔያችሁ በጽሑፍ ደርሶኝ፣ እኔም ለኃላፊዬ በራሴ አንደበት እስክነግራቸው ድረስ፣ እሳቸውንም ሆነ በድርጅቱ ውስጥ የሚሠራ ማንንም ሰው በስልክም፣ በኢሜይልም፣ በሌላ ሰው በኩልም እንዳታነጋግሩ። ከዚያ በኋላ በሩ ክፍት ነው። የፈለጋችሁትን ጠይቋቸው።

ምክንያቱን በግልጽ ልንገርዎ። ኃላፊዬ ሥራ እንደምፈልግ አያውቁም። ቂም የሚይዙ ሰው ስለሆኑ አይደለም የምሸሽጋቸው፤ እንዲያውም ሚዛናዊ ሰው ናቸው። ነገር ግን በአሁኑ ጊዜ የንብረት መዝገባችንን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የማዛወሩን ሥራ የምመራው እኔ ነኝ፤ ከእኔ ጋር አራት ሰዎች አሉ፤ አቅራቢዎች ያቀረቡልን የዋጋ ሰነድ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ልትለቅ ነው የሚል ወሬ ከሰሙ፣ ያንን ሥራ ለሌላ ሰው ማስረከብና ሰነዶቹን ከእጄ ማውጣት ግዴታቸው ይሆናል። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ እናንተ ሌላ ሰው ብትመርጡ እኔ ከሁለት ያጣሁ ሆኜ እቀራለሁ። ማጣራት የሚደረገው ውጤቱ ገና ስላልታወቀ ነውና ይህ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም።

ከዚህ በፊትም ደርሶብኛል። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ሌላ ድርጅት ውስጥ ሳለሁ፣ እንዲህ ያለ ቅጽ ላይ ያለውን ሣጥን ሳላነብብ «ይቻላል» ብዬ አለፍኩት። ስልኩ የተደወለው በሦስተኛው ቀን ነበር። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ከቢሮአቸው ወጥተው «እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ፤ እኔ ግን እንኳን ቅጥሩ የቃለ መጠይቁ ውጤት እንኳ አልተነገረኝም ነበር። ያ ድርጅት በመጨረሻ ከራሱ ሠራተኞች አንዱን መረጠ። እኔ ከዚያ በኋላ በነበርኩበት ቦታ አሥራ አንድ ወር ቆየሁ። ክፉ ቃል የተናገረኝ ሰው አልነበረም፤ ስብሰባ መጠራቴ ብቻ ቀረ፤ ታጭቼለት የነበረው ሥልጠናም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ማንንም አልወቅስም፤ ሣጥኑን ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ግን አንብቤዋለሁ።

ሁለተኛው ቅጽ ይበልጥ አሳስቦኛል። የኋላ ታሪኬን እንዲያጣራ ለቀጠራችሁት ሌላ ድርጅት ፈቃድ የምሰጥበት ሲሆን፣ «ቀድሞ የሠሩበትንና አሁን የሚሠሩበትን ማንኛውንም መሥሪያ ቤት» ይላል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አመልካቹን አያውቁትም፤ የሥራ ታሪኩን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ተከትለው ለእያንዳንዱ የሰው ኃይል ክፍል መጠይቅ ይልካሉ። እርስዎ ይህንን ጥያቄዬን ቢቀበሉት እንኳ፣ መልእክቱ እነሱ ዘንድ ካልደረሰ ከንቱ ነው። ስለዚህ «አሁን የሚሠሩበትን» የሚለውን ሐረግ በአንድ መስመር ሰርዤ አጠገቡ ፈርሜአለሁ። የትምህርት ማስረጃዬን፣ የፖሊስ ማስረጃዬንና የቀድሞ መሥሪያ ቤቶቼን ዛሬውኑ ማጣራት ይችላሉ፤ የሰረዝኩት ይህችን ብቻ ነው። ቅጹ እንዲህ ተስተካክሎ እንደተላከላቸው በአንድ መስመር ቢያሳውቁኝ እንቅልፌን በሰላም እተኛለሁ።

ሌላም ጥቂት የሚያሳፍረኝ፣ ግን ልተወው የማልችለው ነገር አለ። ከቃለ መጠይቅ አድራጊዎቹ አንዱ፣ እኔ በምሠራበት ድርጅት ውስጥ የሚያውቋቸው ሰዎች እንዳሉ በጨዋታ መካከል ነግረውኛል። በቅን ልቦና የተነገረ እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን «እገሊትን ታውቃታለህ? እንዴት ናት?» የምትል የወዳጅ ጥያቄ በቅጽ ከሚላክ መጠይቅ ፈጥና ኃላፊዬ ጆሮ ትደርሳለች። ጥያቄዬ ይህንንም እንደሚጨምር ለእሳቸውና ለሌሎቹ የኮሚቴው አባላት በእርስዎ በኩል ቢነገርልኝ እወዳለሁ።

እናንተ ደግሞ የምትቀጥሩትን ሰው ሳታውቁ መፈረም እንደማትችሉ ይገባኛል፤ እኔም ሠራተኛ ስቀጥር እንዲሁ ነኝ። ስለዚህ በኃላፊዬ ምትክ እስከዚያው ሊጠየቁ የሚችሉ ሦስት ሰዎችን ስምና ስልክ በቅጹ ላይ አስፍሬአለሁ። ከሁሉ ይበልጥ የምመክርዎ ሁለተኛዋን ነው። አሁን ባለሁበት ድርጅት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የቅርብ ኃላፊዬ እሳቸው ነበሩ፤ ካቻምና ለቀው ወጥተዋል። ሥራዬን፣ ቡድኔን፣ ጉድለቴንም ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ከድርጅቱ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ስለሌለም ምሥጢሩ አይባክንም። የመጀመሪያው ቀድሞ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት ያሠሩኝ ናቸው። ሦስተኛው አብሮኝ ይሠራ የነበረ የሒሳብ ባለሙያ ነው። ሦስቱንም አነጋግሬአቸዋለሁ፤ ስልካችሁን ይጠብቃሉ። ከአቅራቢዎቻችን መካከል ማንንም ያልጻፍኩት አውቄ ነው፤ ነገ ተነገ ወዲያ ቢሮአችን ይመጣሉና።

አሁን በሥራ ላይ መሆኔን ለማረጋገጥ ደግሞ የቅጥር ውሌን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ፣ ያለፉትን ሦስት ወራት የደመወዝ መክፈያ ወረቀት፣ እንዲሁም ያለፉትን ሁለት ዓመታት የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ቅጂ አያይዣለሁ። ግምገማው ለእኔ የተሰጠኝ ቅጂ ነው፤ የአቅራቢዎች ስምና የዋጋ መጠን ያለባቸውን መስመሮች ግን ሸፍኛቸዋለሁ፤ የእኔ አይደሉምና። በአምናው ግምገማ ላይ «የሁለተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት በሦስት ሳምንት ዘግይቷል» የሚል ማስታወሻ ያገኛሉ። እውነት ነው፤ ዘግይቷል። የመጋዘን ቆጠራው ሁለት ጊዜ ስላልገጠመልኝ ሦስተኛ አስቆጠርኩ፤ መዘግየቱንም ለኃላፊዬ በጊዜ አላሳወቅኩም፤ ጥፋቴ ይህ ሁለተኛው ነው። በኋላ ከእሳቸው ከምትሰሙት አስቀድማችሁ ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ከተስማማችሁ አካሄዱ እንዲህ ይሁን እላለሁ። ከሦስቱ ሰዎች የምትሰሙትና ሌላው ማጣራት ካረካችሁ፣ የሥራ መደቡን፣ ደመወዙንና ሥራ የምጀምርበትን ጊዜ የሚገልጽ፣ የቀረው ቅድመ ሁኔታ የአሁኑ ኃላፊዬ ምስክርነት ብቻ መሆኑን የሚናገር የቅጥር ደብዳቤ ትሰጡኛላችሁ። እፈርማለሁ። በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ቢሮአቸው ገብቼ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ በዚያው ቀን ቀጥታ ስልካቸውን እልክልዎታለሁ። እናንተ ካነጋገራችኋቸውና ቅድመ ሁኔታው መሟላቱን በጽሑፍ ካረጋገጣችሁልኝ በኋላ ብቻ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን አስገባለሁ። የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ ስላለብኝ፣ ሥራ የምጀምርበት ቀን ከዚያ ማረጋገጫ ተነሥቶ ቢቆጠር መልካም ነው።

በዚህ አካሄድ የሚቀረውን አደጋ የምሸከመው እኔ ነኝ፤ ኃላፊዬ ካወቁ በኋላ እናንተ ብትመለሱ እጎዳለሁ። ያንን በደብዳቤ የተደገፈ ስለሆነ እቀበለዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ግን አስቡልኝ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ስለ ሠራተኛቸው ሲጠየቁ ከሥራ መደቡና ከቅጥር ጊዜው በቀር ሌላ አይናገሩም፤ ደንባቸው አይፈቅድላቸውም። ኃላፊዬ እንዲህ ያለ አጭር መልስ ቢሰጡ ዝምታቸውን እንደ ወቀሳ አትቁጠሩት። እንዲሁም የሚያሳስባችሁን ነገር ቢናገሩ፣ ከመወሰናችሁ በፊት መልሴን የምሰጥበት ዕድል ስጡኝ።

የድርጅታችሁ ደንብ ይህንን የማይፈቅድ ከሆነ አልቀየምም፤ ነገር ግን ማንም ስልክ ከማንሣቱ በፊት ይንገሩኝ። በውድድሩ መቀጠሌን ወይም መተዉን ያኔ እወስናለሁ። አስቀድሞ ሳይነገረኝ እንዳይደወል ነው አጥብቄ የምለምነው።

ቅጹ ላይ የቢሮ ስልኬን ሰርዤ የግሌን ቁጥር ጽፌአለሁ፤ ኢሜይልም በዚሁ በግል አድራሻዬ ብቻ ይላኩልኝ። በሥራ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ቢደውሉልኝ ብቻዬን ስለምሆን እንደ ልብ መነጋገር እንችላለን። ሦስቱን ሰዎች ግን የእኔን መልስ ሳትጠብቁ ከነገ ጀምሮ ማነጋገር ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰላማዊት

አባሪ፦ የተሞሉ ሁለት ቅጾች፣ የቅጥር ውል 2 ገጽ፣ የሦስት ወር የደመወዝ መክፈያ ወረቀት፣ የሁለት ዓመት የሥራ አፈጻጸም ግምገማ