ግማሹ በ6 ሰዓት ካለቀ፣ በ10 ሰዓት ስንት ይቀራል?

ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን ከፋርማሲ ታውቁታላችሁ። ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ ይደፍቃል። አረፋው ኦክስጅን ነው፤ ፐሮክሳይዱ ወደ ውሃና ኦክስጅን እየተበተነ ነው። ይህ መበተን ብዙ ጊዜ አንደኛ ኦርደር ሆኖ ስለሚገኝ፣ ማለትም ፍጥነቱ በቀረው መጠን ልክ ስለሚቀንስ፣ ለዛሬው ጥያቄ ይመቸናል።

1.000 M መፍትሔ ይዘን ጀመርን እንበል። ከ6 ሰዓት በኋላ 0.500 M ቀረ፣ ከ12 ሰዓት በኋላ 0.250 M፣ ከ18 ሰዓት በኋላ 0.125 M። ከ10 ሰዓት በኋላስ?

ብዙ ተማሪ እንዲህ ያሰላል፦ ከ6 እስከ 12 ሰዓት 0.250 M ይቀንሳል፤ 4 ሰዓት የ6 ሰዓት ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ስለዚህ 0.167 M ይቀንስና 0.333 M ይቀራል። ሐሳቡ ለእውነት የቀረበ ይመስላል፤ ግን ተሳስቷል። በእነዚያ 6 ሰዓታት ውስጥ ሪአክሽኑ በእኩል ፍጥነት አይሄድም። መጀመሪያ ላይ ብዙ ስላለ ብዙ ይበተናል፤ እየቆየ ይቀዘቅዛል። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦

ln[A] = ln[A]₀ − kt

[A] በጊዜ t የቀረው መጠን፣ [A]₀ የመነሻው መጠን፣ k ደግሞ የሪአክሽኑ የፍጥነት ቋሚ ነው። ግማሽ ዕድሜ ማለት [A] የ[A]₀ ግማሽ የሚሆንበት ጊዜ ነው። በቀመሩ ውስጥ ስናስገባው [A]₀ ይጣፋና t½ = 0.693/k ብቻ ይቀራል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። መነሻው 1 M ይሁን 0.001 M፣ ግማሹ የሚያልቅበት ጊዜ ያው ነው። የአንደኛ ኦርደር መታወቂያው ይሄ ነው።

k = 0.693/6 = 0.1155 h⁻¹። ስለዚህ ln[A] = 0 − (0.1155)(10) = −1.155፣ [A] = 0.315 M። በሌላ መንገድ (½) ን በ10/6 ከፍ ብታደርጉትም ያው ይመጣል። ያለፉት ግማሽ ዕድሜዎች ብዛት ሙሉ ቁጥር ካልሆነ አትደንግጡ፤ ቀመሩ ችግር የለበትም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ሪአክሽኑ አንደኛ ኦርደር መሆኑን ማንም ካልነገረንስ? ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲበተን (2NO₂ → 2NO + O₂) የተለካውን እዩ፦

| t (s) | [NO₂] (M) | ln[NO₂] | 1/[NO₂] |
|---|---|---|---|
| 0 | 0.01000 | −4.605 | 100 |
| 50 | 0.00787 | −4.845 | 127 |
| 100 | 0.00649 | −5.037 | 154 |
| 200 | 0.00481 | −5.337 | 208 |
| 300 | 0.00380 | −5.573 | 263 |

የ[NO₂] ግራፍ በአንደኛ ኦርደርም፣ ፍጥነቱ በመጠኑ ስኩዌር ልክ በሚሄድበት በሁለተኛ ኦርደርም ጎባጣ ስለሆነ አይለይልንም። የሚለዩት ሁለቱ የመጨረሻ ዓምዶች ናቸው። ln በጊዜ ላይ ሲሳል ቀጥ ካለ አንደኛ ኦርደር ነው፤ 1/[A] ቀጥ ካለ ሁለተኛ ኦርደር ነው።

ግራፉን ከመሳል በፊት በየመሃሉ ስሎፑን አስሉ። ለln፦ −0.0048፣ −0.0038፣ −0.0030፣ −0.0024። እየላላ ሄደ፤ መስመሩ ይጎብጣል። ለ1/[NO₂]፦ 0.54፣ 0.54፣ 0.54፣ 0.55። አልተነቃነቀም። ሁለተኛ ኦርደር ነው፣ k ደግሞ ስሎፑ ራሱ፣ 0.54 M⁻¹s⁻¹።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። እስከ 100 ሰከንድ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ብቻ ብትስሉ የlnም ግራፍ በማስመሪያ ሲያዩት ቀጥ ያለ ይመስላል። ትንሽ ብቻ በተበተነ ጊዜ ሁለቱ ግራፎች አይለያዩም። ቢያንስ ግማሹ ከማለቁ በፊት አትፍረዱ፤ ሦስት አራተኛው ሲያልቅ ደግሞ የበለጠ እርግጠኛ ትሆናላችሁ። ላብ ላይ ቶሎ ጨርሶ ለመውጣት ሲባል ልኬት የሚቋረጠው እዚህ ጋ ነው፤ የተሳሳተ ኦርደር የሚጻፈውም እዚሁ ነው።

የሁለተኛ ኦርደር ቀመር 1/[A] = 1/[A]₀ + kt ነው፣ ግማሽ ዕድሜውም t½ = 1/(k[A]₀)። አሁን [A]₀ አልጠፋም። ለNO₂ የመጀመሪያው ግማሽ በ185 ሰከንድ ያልቃል። የቀረው ግማሽ እንደገና ለመጋመስ ግን 370 ሰከንድ ይፈልጋል፣ እጥፍ። ቀጣዩ የዚያ እጥፍ።

የኦርደር ስህተት ዋጋው ስንት እንደሆነ ለማየት ከ500 ሰከንድ በኋላ የሚቀረውን አስሉ። በትክክለኛው፦ 1/[A] = 100 + (0.54)(500) = 370፣ [A] = 0.0027 M። 185 ሰከንድን እንደማይለወጥ ግማሽ ዕድሜ ይዞ በአንደኛ ኦርደር ያሰላ ሰው ግን 0.0015 M ያገኛል። ከእውነተኛው ግማሽ ትንሽ ብቻ ያለፈ ነው።