የገና በጎ ፈቃደኞች የሥራ ድልድል፣ ላሊበላ

ለውኃ፣ ለእግር አጠባ፣ ለምግብ፣ ለጫማና ለመንገድ ቡድኖች በሙሉ
ከአስተባባሪ
የሚሠራው ከታኅሣሥ 27 ጠዋት እስከ 29 ከሰዓት

ሰላም ልጆች፣ ባለፈው ዓመት ሳፋው ጋ ሁላችንም ተኮልኩለን ጫማው ጋ ጠባቂ ጠፍቶ ነበር፣ ዘንድሮ እንደዛ እንዳይሆን ሁሉም የራሱን ይያዝ። ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣ እንግዳ ፊት ማን ምን ይሥራ እያልን መጨቃጨቅ የለብንም።

የውኃ ቡድን ቀድቶ፣ ለብ አድርጎ፣ ጀሪካኑን ሳፋው አጠገብ አድርሶ ይመለሳል፣ ማጠብ አይጀምርም። የቆሸሸውን ውኃም የሚደፋው እሱ ነው፣ ግን መንገድ ላይ አይደፋም፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። አጣቢዎች ደግሞ ከቦታችሁ አትነሱ፣ ውኃ ካለቀ እጅ አውጡ። ውኃ የቋጠረ ወይም የተሰነጠቀ እግር ካያችሁ አትሹት፣ እንዳታፈነዱት፣ በቀስታ አለቅልቃችሁ አድርቁና ለመንገድ ቡድን ስጡ፣ እነሱ ሕክምና ድንኳን ያደርሳሉ። እማሆይና አባቶች እግራችንን አናሳጥብም ካሉ አታስገድዱ፣ ውኃውን በጆግ አፍስሱላቸው ብቻ።

ምግብ፦ ጾሙ እስኪፈታ ዳቦና ንፍሮ ብቻ፣ ወተትም እንቁላልም እንዳይቀላቀል። ከምግብ ቡድን ውጪ ማንም አያድልም፣ ሰው በደግነት ከየቦታው ሲያድል አንዱ ሦስቴ ወስዶ ሌላው ጾሙን ያድራል።

ጫማ ላይ ጠንከር በሉ። ጥንዱን በክር እሰሩ፣ አንድ ቁጥር ሁለት ቦታ ጽፋችሁ አንዱን ጫማው ላይ አንዱን ለባለቤቱ። በአንዱ በር ገብቶ በሌላው የሚወጣ ብዙ ሰው ስላለ ቁጥሩን ሲቀበል የትኛው በር ጋ መመለስ እንዳለበት ንገሩት፣ ካልነገራችሁት በባዶ እግሩ ሲዞር ይውላል።

29 ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ማሜ ጋራ ወጥተው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ሕዝቡ ሁሉ ለማየት ወደ ገደሉ ጠርዝ ይገፋል፣ በጣም የምፈራው ይሄን ነው። ጠርዙን በገመድ የሚይዘው የመንገድ ቡድን ብቻ ነው፣ የሌላ ቡድን ልጅ ላግዝ ብሎ ገመዱ ውስጥ እንዳይገባ፣ ግፊያውን ያባብሰዋል። ገመድ የያዘ ሰው ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ይቁም እንጂ ቪዲዮ አይቅረጽ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ በእናታችሁ።

ልጅ የጠፋበት ወደ ጫማ ቡድን ይሂድ፣ የጠፋ ልጅ ያገኘም ወደዚያው ይውሰደው፣ እነሱ ከቦታቸው ስለማይነሱ። ያገኛችሁትን ልጅ ይዛችሁ ወላጅ ፍለጋ እንዳትዞሩ፣ ትተላለፋላችሁ። ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ስልክ አትመኑ፣ ከየቡድኑ አንድ ልጅ መልእክት ያመላልሳል።

ሥራው ያለቀበት የራሱን ቡድን መሪ ይጠይቅ፣ ዝም ብሎ ሌላ ቡድን አይግባ። ተተኪው ሳይመጣ ማንም እንዳይሄድ።

ታኅሣሥ 26 ከቀኑ 9 ሰዓት ሁላችንም ቦታ ቦታችንን ለማየት እንገናኝ። ሳፋና ጆግ የምታመጡ ስማችሁን በቀለም ጻፉበት።