«ወነበረ ውስቴቱ»፦ ስለላክሽልኝ ገጽ

የኔ እህት፣ እንደምን አመሸሽ? የላክሽው የግእዝ መጽሐፍ ገጽ ፎቶ ደርሶኛል። ትናንት ማታ ከፍቼ አየሁት፤ መብራት ስለጠፋ ግን መልሱን ለዛሬ አቆየሁት። በጥቂት ቃል ልመልስልሽ አልፈለግሁም። ጥያቄሽ ጥሩ ስለሆነ በደንብ ላስረዳሽ።

ከሥሩ በእርሳስ ያሰመርሽበት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦

ሐነጸ ንጉሥ ፋሲለደስ ቤተ መንግሥት ዐቢየ በሀገረ ጎንደር ወነበረ ውስቴቱ።

መጽሐፉ ከታች ያስቀመጠው ትርጉም ደግሞ፦ «ንጉሥ ፋሲለደስ በጎንደር ከተማ ታላቅ ቤተ መንግሥት ሠራ፤ በውስጡም ተቀመጠ።»

ያልገባሽ ሦስት ነገር ነው። «ን» የምትባለው የት ሄደች? «ሀገር» እንዴት ከተማ ሆነ? «ነበረ»ስ ስለምን «ተቀመጠ» ተባለ?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላርም። መልእክትሽ ላይ የጻፍሽው «ዐቢይ» ብለሽ ነው። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር፤ ገጹ ታጥፎ ጥላ አርፎበታል። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ግን መጨረሻው «የ» ነው፣ «ይ» አይደለም። የሁለቱ ፊደሎች ልዩነት እግሩ ላይ ያለችው ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ በደበዘዘ ፎቶ ትጠፋለች። ያቺ ትንሽ ነገር ግን የዓረፍተ ነገሩ ቁልፍ ናት። መጽሐፉን መስኮት ዳር አድርገሽ በቀን ብርሃን አረጋግጪልኝ።

አሁን ወደ «ን» እንሂድ። በአማርኛ «ቤቱን ሠራ» ስንል «ን» ተሳቢውን ታሳያለች። ግእዝ ለዚህ በአብዛኛው የተለየ ፊደል አይጨምርም፤ የቃሉን የመጨረሻ ፊደል ይለውጣል። በሳድስ የሚያልቅ ስም ተሳቢ ሲሆን መጨረሻው ወደ ግዕዝ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው የፊደል ቅርጽ፣ ይመለሳል። «ቤት» የነበረው «ቤተ» ይሆናል። «ሐነጸ ቤተ» ማለት ቤት ሠራ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ በይ፦ አማርኛ «ቤት ሠራ» ሲል «ን» አያስፈልገውም፤ የታወቀ ቤት ሲሆን ነው «ቤቱን» የሚለው። ግእዝ ግን ቤቱ ታወቀም አልታወቀም «ቤተ» ይላል። «ን»ን ከግእዙ ፈልገሽ ያጣሻት ለዚህ ነው፤ ከአማርኛውም የጠፋችው ቤቱ «ታላቅ» እንጂ «ታላቁ» ስላልተባለ ነው። ግእዝ እንደ አማርኛ «ቤቱ» የሚያሰኝ ቅጥያ ስለሌለው «ታላቁን ቤተ መንግሥት» ብሎ መተርጎምም ያስኬዳል። ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን መረጠ። ምርጫው ልክ ነው ባይ ነኝ፤ ቤቱ እዚህ ገና መጀመሪያ ስለሚነሳ።

«እሺ፣ ታዲያ መንግሥት ለምን መንግሥተ አልሆነም?» እንደምትይ አውቃለሁ። ተማሪ ሁሉ የሚደናቀፈው እዚህ ነው። በ«ቤተ መንግሥት» ውስጥ የ«ቤት» መጨረሻ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በሌላ ምክንያት ነው፦ ከኋላው ዘርፍ ስላለው። የመንግሥት ቤት ለማለት ባለዘርፉን፣ ማለትም «ቤት»ን፣ አስቀድመን መጨረሻውን እንለውጣለን። ይህንን ሳታውቂው በየቀኑ ትናገሪዋለሽ። ቤተ ክርስቲያን፣ ርእሰ መምህር፣ ሀገረ ስብከት፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ። በሳልስ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ወደ ኃምስ ይሄዳል። «ጸሓፊ» የነበረው «ጸሓፌ ትእዛዝ» የሆነው እንዲህ ነው።

ስለዚህ «ቤተ» ተሳቢም ቢሆን ባይሆን መልኩ ያው ነው። ባለዘርፍነቱ ቀድሞ ስለለወጠው ሌላ የሚለወጥ ነገር አልቀረውም። ዘርፉ፣ ማለትም «መንግሥት»፣ ደግሞ አይነካም። ታዲያ ተሳቢ መሆኑን በምን እናውቃለን? በቅጽሉ! «ዐቢይ» ታላቅ ማለት ነው፤ ከ«ዐቢይ ጾም» ታውቂዋለሽ። ቅጽል የሚገልጸውን ስም ይከተላል። ቤቱ ተሳቢ ስለሆነ ቅጽሉም «ዐቢየ» ሆነ። «ቤተ መንግሥት ዐቢይ» ቢል ኖሮ ቤቱ ባለቤት በሆነ ነበር። በጥላው ውስጥ የተደበቀችው «የ» ይህን ሁሉ ተሸክማለች። እኔ ግእዝን የምወደው በዚህ ነው፤ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ማን ምን እንዳደረገ ይታወቃል።

ለዚህም ነው ግእዝ የቃላቱን ቦታ እንደ አማርኛ የማይጠብቀው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያኖራል፤ እዚህ ግን «ሐነጸ» መጀመሪያ መጣ፣ ባለቤቱ «ንጉሥ ፋሲለደስ» ተከተለ፣ ተሳቢው ቀጠለ። «ሐነጸ» ለጆሮሽ አዲስ ከሆነ «ሕንጻ»ን አስቢ፤ ሥርወ ቃላቸው አንድ ነው።

«በሀገረ ጎንደር» ላይ «ሀገረ» ያለው ተሳቢ ስለሆነ አይደለም። «በ» አለበትና ተሳቢ ሊሆን አይችልም። እሱም ባለዘርፍ ነው፦ የጎንደር ሀገር። በግእዝ «ሀገር» በአብዛኛው ከተማ ማለት ነው፤ የዛሬው አማርኛ ትርጉሙን አስፍቶት ነው። ተርጓሚው «በጎንደር ሀገር» ብሎ ቢተወው ኖሮ አንባቢውን ያሳስተው ነበር።

የመጨረሻው «ወነበረ ውስቴቱ» ነው። «ወ» የእኛ «እና» ናት፤ ከፊት ትለጠፋለች። «ውስቴቱ» ውስጡ፣ በውስጡ ማለት ነው። «ቱ» ወንድን ስለምታመለክት ወደ ቤቱ ትሄዳለች። ሀገር በግእዝ ብዙ ጊዜ በሴት ይነገራል፤ ከተማዋን ለማለት ቢፈልግ «ውስቴታ» ይል ነበር። «ነበረ» ግን ወጥመድ ነው። በአማርኛ ያለፈ ነገር መናገሪያ ነው፤ በግእዝ ዋና ትርጉሙ ተቀመጠ፣ ኖረ ነው። «መንበር» የምንለው መቀመጫ ከዚሁ ነው፣ «ወንበር»ም እንዲሁ። የምንቀመጥበትን ነገር ካሰብሽ ዳግመኛ አትሳሳቺም። «በውስጡ ነበረ» ለማለት ከፈለጉ ግእዞች «ሀሎ» ወይም «ሀለወ» ይላሉ።

አንድ ጊዜ በጎንደር ፒያሳ ስታልፊ ወደ ፋሲል ግንብ ቀና ብለሽ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብለሽ በይው። ሰው ቢያይሽም ግድ የለም። የተጻፈለትን ነገር እያዩ ማንበብ ቃሉን ያስቀራል። እኔም ልጅ ሆኜ የተማርኩት እንዲሁ እየዞርኩ ነው።

ለሚመጣው ቅዳሜ ይህን ሠርተሽ ላኪልኝ፦

ሐነጸት ንግሥት ምንትዋብ ቤተ ክርስቲያን ሐዲሰ በደብረ ፀሐይ።

አንደኛ፣ «ሐነጸት» ለምን «ት» ጨመረ? ሁለተኛ፣ «ሐዲሰ» ምን ይነግርሻል? ሦስተኛ፣ እዚህ ውስጥ ባለዘርፍና ዘርፍ ስንት ጊዜ ተገናኙ? መልሱን በእጅሽ ጻፊና ፎቶ አንሺው። በዚህ ጊዜ ግን ጥላ እንዳያርፍበት።